በዳኛ፣ አራት

ዳኛ የሚለው ቃል ስንት ሰው እንደሚያቅፍ ከዚያ እሁድ በፊት አስቤበት አላውቅም። ፍርድ ቤት የሚቀመጠውም ዳኛ ነው፣ ኳስ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውም ዳኛ ነው። ቦክስ ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ገመዱ ውስጥ ገብቶ ቡጢኞቹን የሚያላቅቀውም ዳኛ ይባላል፣ ውጭ ተቀምጠው ነጥብ የሚጽፉት ሦስቱም ዳኞች ይባላሉ። እኔ ይህንን ቃል በወፍራም ብዕር ካርቶን ላይ ጻፍኩት፣ ከጎኑ «4» አልኩ፣ ታናሽ ወንድሜም አነበበው። የሆነው ሁሉ ይኸው ነው፤ ግን እስከ ዛሬ ማን ልክ እንደነበር አልለየልኝም።

ጎንደር ሳለሁ የስፖርት ውርርድ ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ዋጋውን፣ ያሸነፈ ስንት እጥፍ እንደሚከፈለው፣ የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው፤ የእኔ ሥራ ትኬት ማተምና የተናደዱ ሰዎችን «ወንድሜ ተረጋጋ» ማለት ነበር። ገዳሪፍ ስገባ ሥራ ያገኘሁት ስልክ ቻርጅ የሚደረግበትና የሳተላይት ኢንተርኔት በሰዓት የሚሸጥበት አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ነው። ባለሱቁ ከሐበሻ ወላጆች እዚሁ ሱዳን የተወለደ ሰው ነው፤ አማርኛውን ጀምሮ በዓረብኛ ይጨርሰዋል። የድሮ ሥራዬን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እንግዲያው ዋጋ ማውጣት ትችያለሽ ማለት ነው!» አለኝ።

«እችላለሁ» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። አፌ ቀደመኝ።

እሱ ያሰበው ኳስ አልነበረም። የኳስ ነገር ሁሉም አውቃለሁ ባይ ነው፤ ሰዉም በየስልኩ ራሱ ይጫወታል። እሱ ያየው እሁድ ጠዋት ነው። አሜሪካ ማታ የሚደረገው ቦክስ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ያን ጊዜ ከዶካና ከመፋዛ እርሻ የመጡት ልጆች ሱቁን ሞልተው፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው ቴሌቪዥን ቡጢ ያያሉ። ቡጢ ብቻም አይደለም። ያ ቦክስና ትግል የተቀላቀለበት፣ ሰው ወድቆም የሚደበደብበት ውድድር ሲኖር ከዚያ የባሰ ይሞላል። ባለሱቁ እነዚህ ሁሉ ጩኸቶች በከንቱ መቅረታቸው ቆጨው።

ሱዳን ውስጥ ቁማር ክልክል ነው። ስለዚህ ዋጋው የሚለጠፈው ከመጋረጃው ጀርባ፣ በብስኩት ካርቶን ላይ፣ በአማርኛ ብቻ ነበር። ፖሊስ ቢመጣ የስልክ ቻርጅ ዋጋ ነው እንላለን። ካርቶኑ ጠባብ ስለሆነ ቃላቱን አሳጥራለሁ። «በዳኞች ውሳኔ» የሚለውን «በዳኛ» አልኩት። ጎንደር ብሆን እንዲህ አላደርግም ነበር፣ ወይም ደግሞ አደርግ ነበር፤ እንጃ።

ዋጋ ማውጣት ከውጭ ሲታይ ጥንቆላ ይመስላል። መጀመሪያ ማን ያሸንፋል የሚለውን ከውጭ ድረ ገጾች አየዋለሁ። ከዚያ የአሸናፊውን ዕድል እከፍለዋለሁ፤ በምን መንገድ ያሸንፋል? ቦክስ ከሆነ በዝረራ ወይም በነጥብ ነው። ዝረራ የምንለው ውስጥ ሰው ተዘርሮ አስር ሲቆጠርበት ብቻ ሳይሆን፣ የመሐል ዳኛው ጨዋታውን ሲያስቆምም፣ ቡጢኛው ከወንበሩ አልነሳም ሲልም፣ ተጋጣሚው ደንብ ጥሶ ሲባረርም ይገባል። ትግል ያለበት ከሆነ አንድ መንገድ ይጨመራል፤ ታንቆ ወይም ክንዱ ተጠምዝዞ እጁን ሲሰጥ። ይህን ሁሉ የውርርድ ቤቱ ኮምፒውተር ያውቀው ነበር፤ እኔም በትኬቱ ላይ እያነበብኩ ተማርኩት።

የዚያ እሁዱ ቦክስ አስራ ሁለት ዙር ነበር። ተመራጩ ቡጢኛ፣ ቀይ ቁምጣ የለበሰው፣ እንዲሁ ያሸንፋል ለሚል አንድ ነጥብ አራት ይከፍላል። በዝረራ ያሸንፋል ለሚል ሁለት አልኩ፣ በነጥብ ለሚል አራት። ሁለት ማለት በመቶ ሃምሳ ዕድል እንደተሰጠው ነው፣ አራት ማለት ሃያ አምስት። እኔ ግን በልቤ አርባ አምስትና ሃያ ሦስት ነው የገመትኩት። ትርፉ ያ ልዩነት ነው። ሰማያዊው ቁምጣ እንዲሁ ለሚል ሦስት ነጥብ አንድ፣ በዝረራ ስድስት፣ በነጥብ አምስት ተኩል፣ አቻ ሃያ። ሁሉንም ወደ መቶኛ ቀይሮ የደመረ ሰው ከመቶ በላይ አስራ አምስት ገደማ ያገኛል። ማን ያሸንፋል የሚለውን ብቻ ቢደምር ግን ትርፋችን ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። ምርጫው በበዛ ቁጥር ቤቱ ከየአንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቆነጥራል።

አንድ ከመፋዛ የመጣ ብልጥ ልጅ ነበር። ቀዩ ያሸንፋል ብሎ ስለተማመነ፣ ገንዘቡን ከፍሎ በዝረራም በነጥብም ሊያስይዝ መጣ። «በየትም ይምጣ እበላለሁ» አለ። እኔም ቁጭ አድርጌ አስላሁለት። ሁለቱን መንገድ አንድ ላይ ብትይዝ የምታገኘው ካስያዝከው አንድ ከሲሶ እጥፍ ነው፤ ዝም ብለህ ያሸንፋል ብትል ግን አንድ ነጥብ አራት ታገኛለህ አልኩት። አላመነኝም። ዙሮቹንም አሳየሁት። ቀዩ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ዙር ከጨረሰው ሰባት ተኩል፣ ከአራት እስከ ስድስት ስድስት ተኩል፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ። አራቱንም ብትገዛ በዝረራ ከሚለው አንዱ ዋጋ ያነሰ ነው የምታገኘው። ልጁ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ «እና ይሄን ሁሉ የጻፍሽው ሰው እንዳይገዛው ነው?» አለኝ።

ዙር ላይ የሚነሳ ጭቅጭቅም ለምጄ ነበር። ከዚያ ሳምንት በፊት በነበረው የትግል ውድድር አንዱ ሰውዬ ጨዋታው ከአንድ ዙር ተኩል ያልፋል ብሎ አስይዞ፣ ሁለተኛው ዙር ሁለት ደቂቃ እንደሞላ አለቀ። «ተኩል አለፈ!» አለ፤ ምክንያቱም የቦክስ ዙር ሦስት ደቂቃ ነው፣ ግማሹ ደቂቃ ከሰላሳ ነው። የዚህኛው ዙር ግን አምስት ደቂቃ ነው፣ ግማሹ ሁለት ደቂቃ ከሰላሳ። አልደረሰም። አስረድቼው እየሰደበኝ ተቀበለ። እኔም ራሴን እንደ ሊቅ ቆጠርኩ። እንግዲህ ልቤ ያበጠው ያን ጊዜ ነው።

ወንድሜ ከዶካ የመጣው ቅዳሜ ነው። የሰሊጥ አጨዳው አልቆ ደሞዙን ተቀብሏል። ፊቱ ጠቁሯል፣ እጁ በሰሊጥ ገለባ ተሰነጣጥቋል፤ ሳየው አንጀቴን በላኝ። ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍሌ ፉልና እንጀራ አቀረብኩለት። እየበላ፣ ቀና ሳይል፣ ወደ ሊቢያ ሊሄድ እንደሆነ ነገረኝ። ደላላው አለ፣ መኪናው አለ፣ የጎደለው ገንዘቡ ነው።

«እናታችን መተማ ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀችህ?» አልኩት።

«እታለም፣ መተማ ሄጄ ምን ልሁን? ተመልሼ ሰሊጥ ላጭድ?»

«ሰሊጥ ያጨደ አልሞተም።»

«አልኖረምም» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ነው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ የደሞዙን አብዛኛውን ለነገው ቦክስ እንዳስያዘ የነገረኝ። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ሳለ ባለሱቁ ተቀብሎታል። ከተሳካለት ደላላው የሚጠይቀውን ሙሉውን ይከፍላል።

«ምን ብለህ አስያዝክ?»

«ቀዩ፣ በዳኛ።»

ትንሽ ቀለል አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስም አለኝ። በልቤ ሃያ ሦስት ከመቶ የሰጠሁት ነገር ነው፤ ከአራት ሦስቱን ጊዜ አይሆንም። ቀዩ ደግሞ ሰው እየገነደሰ ነው የመጣው።

«ለምን በዳኛ?» አልኩት።

«ዳኛ እኮ ዝም ብሎ አያይም!» አለኝ።

እኔ የገባኝ፣ ነጥብ የሚጽፉት ዳኞች የቀዩን ብልጫ አይተው ይፈርዱለታል ማለቱ ነው። እሱ ያለው ግን ሰማያዊው ሲደበደብ የመሐል ዳኛው ዝም ብሎ አያይም፣ ገብቶ ያስቆማል ነው። አንድ ትሪ ላይ እየበላን፣ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገርን፣ ሁለታችንም ተግባባን ብለን እጃችንን ታጠብን።

እሁድ ሱቁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ስድስት ዙር እንደነገሩ አለፈ። ሰማያዊው ጎበዝ ነበር፤ ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ ጥፍሩን ይበላል፣ እኔ ከመጋረጃው ሥር ቆሜ ጨዋታው እስከ አስራ ሁለተኛው እንዳይዘልቅ እጸልያለሁ። በዝረራ እንዲያልቅ ነበር የምለምነው። ሰው እንዲመታ ስጸልይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰባተኛው ዙር ላይ ቀዩ ሰማያዊውን ጥግ አስያዘው። ያወርድበታል፣ ሰማያዊው እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆሟል፣ አይመልስም፣ ግን አልወደቀም። ከዚያ የመሐል ዳኛው ገባ። ቀዩን ገፍቶ፣ ሰማያዊውን አቅፎ፣ እጁን አወናጨፈ። አለቀ።

«ቢልቃዲያ!» ብሎ ጮኸ ባለሱቁ። «ቢልቃዲያ፣ ወላሂ!»

ይህ ዓረብኛ በዝረራ ማለት ነው። ግን እዚህ አገር ትንሽ የቆየ ሐበሻ ሁሉ ቃዲ ዳኛ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ግማሹ ሱቅ የሰማው «በዳኛ!» የሚል ነው።

ወንድሜ ዘሎ መጣ፤ ትከሻዬን ይዞ ወዘወዘኝ። «በዳኛ! እታለም፣ አየሽው አይደል? በዳኛ!»

እኔ ለራሴ «እንኳን በዝረራ አለቀ» ብዬ ገና መተንፈሴ ነበር።

በዝረራ ያስያዙት ደግሞ ከወዲያ ተነሱ። አንዱ «ኧረ ማን ተዘረረ?» ይላል፤ ገንዘቡን የሚያጣ መስሎት ፊቱ ገርጥቷል። በሰማያዊው ያስያዘ ሌላው «ሰውዬው ቆሞ ነው የሄደው፣ ዝረራ እንዴት ይባላል?» ይላል። ባለሱቁ ቃዲያና ቃዲ አንድ እንዳልሆኑ በዓረብኛ ያስረዳል፤ በዓረብኛ ባስረዳ ቁጥር ነገሩ ይባስ ይጨልማል። እኔ ካርቶኑን አየዋለሁ። «በዝረራ 2፣ በዳኛ 4።» ትናንት እንደ ብርሃን ግልጽ የነበረ ጽሑፍ ነው። አሁን ሳነበው፣ እውነቴን ነው፣ እኔም አልገባኝም። በዓይኔ ባየሁት ከሄድኩ የመሐል ዳኛው ነው ያስቆመው። በዳኛ ማለት ይኼ ካልሆነ ምንድን ነው?

በዝረራ ላሉት መክፈል እንዳለብን አልተጠራጠርኩም። የመሐል ዳኛ ማስቆም እዚያ ነው የሚገባው፣ በየትኛውም አገር። ለእነሱ ከከፈልኩ ግን ለወንድሜ እንዴት እከፍላለሁ? አንድ ጨዋታ በሁለት መንገድ አያልቅም።

ባለሱቁ መጋረጃው ጀርባ ጎትቶ አስገባኝ፤ ወንድሜም ተከትሎ ገባ።

«ተናገሪ» አለኝ ባለሱቁ። «ጽሑፉ ያንቺ ነው። እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም።»

«በዳኛ ያልኩት በነጥብ ነው» አልኩ። «በዳኞች ውሳኔ።»

«ውሳኔ የሚል የታለ?» አለ ወንድሜ። ካርቶኑን በጣቱ መታው። «እታለም፣ ውሳኔ የሚል አሳዪኝ።»

«ዋጋውን እየው። እንዲህ ያለ ደብዳቢ ቡጢኛ፣ ዳኛው ያስቆማል ለሚል ሰው አራት እጥፍ የሚከፍል ቤት የት ታውቃለህ? ዋጋው ራሱ ይናገራል፤ አራት የሚሆነው የማይመስለው ነገር ነው።»

ይህን ስል ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ብጠየቅ ይህንኑ እላለሁ። ወንድሜ ግን «ዋጋው ብዙ ነው ብዬ እኔም ገርሞኝ ነበር» አለ። «እኔ እንደምመጣ ስለምታውቂ፣ ለኔ ብለሽ የጨመርሽው መስሎኝ ነው።»

ባለሱቁ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ጎንደር እያለሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አለቃ እጠራለሁ። አሁን አለቃው ዓረብኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ነው፣ ጽሑፉ የኔ ነው፣ ከሳሹ ወንድሜ ነው። በዋጋው ከሄድኩ ተሸንፏል፤ ደሞዙ ይበላል፣ ለማሽላው አጨዳ እዚሁ ይቀራል። በቃሉ ከሄድኩ አሸንፏል፤ አራት እጥፍ ይዞ ነገ ወደ ደላላው ይሮጣል። ሁለቱንም በየተራ ሳስበው ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፣ ደግሞ ሁለቱም ያስጠሉኛል። የማስበው ስለ ቦክሱ ይሁን ስለ ሊቢያ መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ጎንደር ያየሁት ሦስተኛ መንገድ ትዝ አለኝ። ትኬት ላይ የተጻፈው ሲያምታታ ውርርዱ ይሰረዝና ያስያዝከው ይመለስልሃል፤ ትርፍም የለ፣ ኪሳራም የለ። ይህ ደግ ፍርድ መሰለኝ። እንዲያውም ይህን ስላገኘሁ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ደሞዙ ሳይጎድል ተመለሰለት ማለት ነው፤ መተማ ድረስ ተሳፍሮ፣ ለእናታችን የሚሆን ነገር ይዞ ለመግባት ይበቃል። ለሊቢያ አይበቃም። ሙሉውን ሳይቀበል ደላላው አያሳፍርም ያለኝ እሱ ራሱ ነው።

«ይሰረዝ» አልኩ። «ይመለስለት።»

«ተማም» አለ ባለሱቁ፤ ነገሩ ስላለቀ ብቻ ደስ ብሎት ቆጠረለት።

ወንድሜ ገንዘቡን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እሺ፣ እታለም» ብሎ ጉንጬን ሳመኝና ልብሱን ሊያመጣ ወደ ዶካ ተመለሰ። እኔም ልብሱን ይዞ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላባት የሚወርድ መስሎኝ፣ ለእናታችን ደውዬ ልጅሽ እየመጣ ነው አልኳት። እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ሱቁ ውስጥ ተሰማ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ከዶካ አብሮት ያጭድ የነበረ ጓደኛው መጣ። የወንድሜን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዟል።

«ላንቺ ስጥልኝ ብሎኝ ነው» አለኝ። «እዚያ አያስፈልገኝም አለ።»

«መተማ አልገባም እንዴ?»

ጓደኛው ግራ ገብቶት አየኝ። «ወደ ሰሜን ነው የሄደው እኮ። ከአራት ልጆች ጋር። አልነገረሽም?»

«በምን ገንዘብ? ደላላው ሙሉውን ካልተቀበለ አይደል?»

«መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያለው። ጥሬ ብር በእጁ ሲያይ ጊዜ ተስማማ። ይሄን አሁን ስጠኝ፣ የቀረውን ሊቢያ ስትደርስ ዘመድ ይልክልሃል አለው።» ብርድ ልብሱን እቅፌ ላይ አኖረው። «የዘመድ ስልክ ስጥ ሲለው ያንቺን ሰጠ።»

ምን ብዬ እንደሸኘሁት አላስታውስም። ለእናታችን ምን እንደነገርኳትም በደንብ አላስታውስም፤ መኪና ተበላሽቶበት ነው ያልኩ ይመስለኛል።

ባለሱቁ ሌላ ካርቶን አምጥቶ እንድጽፍ ሲለምነኝ እምቢ አልኩት፤ አሁን ስልክ ቻርጅ ብቻ ነው የማደርገው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ያንን ፍርድ አነሳዋለሁ፣ እጥለዋለሁ። በቃሉ ይሁን በዋጋው መሄድ የነበረብኝ፣ አሁንም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን ጨክኜ ተሸንፈሃል ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘቡን በልተሽብኛል እያለ፣ ስሜን እያነሳ እየረገመኝ፣ ዛሬ እዚሁ ዶካ ማሽላ ያጭድ ነበር።